ልጄ በአንድ ወር ስንት ራጅ ይነሳ? ይዤው የቆምኩት እኔ ነኝ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ትኩሳትና ሳል ይዞት ሐኪም ቤት ስወስደው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል ብለው የደረት ራጅ አስነሱት፣ ሲነሳ ተንቀሳቀሰና ምስሉ ተበላሸ ተብሎ ተደገመ። ይዤው የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔ ሽርጥ አልብሰውኛል፣ ግን ቤት የምትጠባ ልጅ አለችኝ። ልጄ መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፣ ይሮጣል ይጫወታል፣ ሆኖም ለክትትል ሌላ የደረት ራጅ ይነሳል ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶናል። በዚህ መሀል ጥርሴን አመመኝ ሲል የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ራጅ እንፈልጋለን አሉኝ። ሽርጥ አታለብሱትም ወይ ስላቸው አያስፈልግም ሲሉኝ ደንግጬ ይዤው ወጣሁ። ባለቤቴ ደግሞ የወተት ጥርስ ነው ይወድቃል፣ ለምን ጨረር ታስጨምሪበታለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሙዝ እንደመብላት ነው ይላል፣ ሌላው ካንሰር ያመጣል ይላል። እንቅልፍ አጣሁ እትዬ። ልጄን በእጄ ይዤ ጎዳሁት ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ልመልስልሽ፣ እሷ ናት እንቅልፍ የነሳችሽ። አልጎዳሽውም። ብዙ ዓመት ራጅ ክፍል ሠርቻለሁ፣ ልጃቸውን ይዘው የሚቆሙ እናቶችን ፊት አውቀዋለሁ፣ ማሽኑ ጠቅ ሲል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ልክ ልጁን የሆነ ነገር የመታው ያህል። አንቺም እንደዛ ሆነሽ ይሆናል። ግን "አትጨነቂ፣ ትንሽ ነው" ብዬሽ ብሄድ ማታ ተመልሶ ይመጣብሻል፣ ትንሽ ማለት ስንት ነው ትያለሽ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለን የልጅሽን ራጆች አንድ በአንድ እንቁጠራቸው።

ለመቁጠር አንድ መለኪያ ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ማይክሮ ሲቨርት ይባላል፣ ሰውነት የተቀበለውን ጨረር የምንለካበት ነው፣ ኪሎ ለክብደት እንደሚሆነው ማለት ነው። አሁን ልብ በይ፣ ማንም ሰው ራጅ ተነስቶ ባያውቅም በየቀኑ ጨረር ያገኘዋል። ከመሬቱና ከድንጋዩ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ራዶን የሚባል ጋዝ አለ፣ ከሰማይም ይወርዳል፣ ከምንበላው ምግብም የተወሰነ አለ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ በዓለም አማካይ ለአንድ ሰው በዓመት 2400 ማይክሮ ሲቨርት ገደማ ነው፣ እንደ አካባቢው ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም አለ። ለ365 ቀን ስታካፍይው በቀን ወደ 7 ይመጣል። ይቺን 7 ያዢልኝ፣ ሌላው ሁሉ በሷ ነው የሚለካው።

አንድ የደረት ራጅ ከፊት ለፊት ሲነሳ ለአዋቂ ሰው 20 ገደማ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ማሽኑ በትክክል ከተስተካከለ ከዚህም ያንሳል፣ እኛ ግን ለጥንቃቄ 20 እንያዘው። ሁለቴ ስለተነሳ 40። የጥርሱ ራጅ፣ እነሱ ግራና ቀኝ ያሉሽ፣ ልጁ ትንሽ ነገር ነክሶ መንጋጋዎቹ የሚነሱባት ናት፣ አንዷ በዘመናዊ ዲጂታል ማሽን 5 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናት፣ ለሁለቱም 10 እንበል። አንድ ላይ 50 መጣ። በ7 አካፍይው፣ ልጅሽ ራጅ ባይነሳ ኖሮም በሰባት ስምንት ቀን ከመሬትና ከሰማይ የሚያገኘው ማለት ነው። የጥርሱ ብቻ ቢሆን አንድ ቀን ተኩል አይሞላም። አውሮፕላን የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሎ ሲበር በሰዓት ወደ 4 እና 5 ማይክሮ ሲቨርት ይገኛል፣ ላይ ስንወጣ ከሰማይ የሚመጣውን የሚከላከልልን አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው፣ እና የልጅሽ አራቱም ምስሎች ተደምረው አሥር ሰዓት ገደማ የሚፈጅ በረራ ማለት ናቸው። ልጃቸውን አሳፍረው ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ በሰዓት ስንት ጨረር አገኘው ብሎ የሚያስብ ወላጅ እስካሁን አላገኘሁም።

ስለ ሙዙ ደግሞ ልንገርሽ፣ ይቺን ንጽጽር እኔ አልወዳትም። እውነት ነው ሙዝ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂት ጨረር አለው፣ ግን ሰውነታችን የፖታሲየሙን መጠን ራሱ ይቆጣጠራል፣ የበዛውን በሽንት ያስወጣዋል፣ ስለዚህ ሙዝ በበላሽ ቁጥር ጨረሩ እየተጠራቀመ አይሄድም። ለተጨነቀ ወላጅ ይሄን መንገር መልስ ሳይሆን ማሾፍ ይመስላል፣ አንቺም ሰምተሽው ያልተረጋጋሽው ለዚህ ይመስለኛል። የቀኑ ንጽጽር ይሻላል፣ በየቀኑ የምንኖርበት ነገር ነውና።

እሱም ቢሆን ግን ፍጹም አይደለም፣ ይሄንንም ሳልነግርሽ አላልፍም። ከመሬትና ከሰማይ የሚመጣው መላ ሰውነት ላይ ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይበተናል፣ ራጁ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ደረት ወይ ጉንጭ ላይ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው የሚያርፈው። ማይክሮ ሲቨርት የሚባለው ስሌት ይሄን ልዩነት በአማካይ አስተካክሎ ያስቀምጥልናል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛ ነገር ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ስስ ናቸው፣ ሴሎቻቸው በፍጥነት እየተባዙ ነው፣ ከፊታቸውም ረጅም ዕድሜ አለ። ስለዚህ "ልጅ ነው" ብለሽ መፍራትሽ ከባዶ የመጣ ፍርሃት አይደለም፣ መሠረት አለው።

"ካንሰር ያመጣል" ያሉሽስ? እነሱም ሙሉ በሙሉ ከባዶ አልተነሱም። ስለ ጨረርና ካንሰር የምናውቀው አብዛኛው ነገር ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከቦምቡ ተርፈው ለአሥርት ዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው ሰዎች የመጣ ነው። እነሱ ላይ ከፍ ባለ መጠን የታየውን ጉዳት ባለሙያዎች ለጥንቃቄ ሲሉ በቀጥታ መስመር ወደ ታች፣ እስከ ዜሮ ድረስ ይስሉታል፣ ምክንያቱም እንደ ራጅ ባለ ትንሽ መጠን ላይ ጉዳቱ ቢኖርም ከሌላው ካንሰር ተለይቶ አይታይም። በዚህ ጥንቃቄ የተሞላ ስሌት፣ የልጅነቱንም ሦስት እጥፍ ጨምሬበት፣ የልጅሽ 50 ማይክሮ ሲቨርት ምን እንደሚሆን ላሳይሽ። እንደሱ የተነሱ መቶ ሺህ ልጆችን አስቢ። በዓለም ላይ ከአምስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ ካንሰር ይይዘዋል፣ ስለዚህ ከነዚያ መቶ ሺህ ልጆች ራጅ ኖረ አልኖረ ሃያ ሺህ ገደማው በኋላ ዘመናቸው ይታመማሉ። ራጁ በዚያ ላይ የሚጨምረው በስሌቱ አንድ ሰው እንኳን አይሞላም። ዜሮ ነው አልልሽም። ግን የሳንባ ምች ተጠርጥሮ ትኩሳቱ ላይ ያለ ልጅ አጠገብ ስታስቀምጪው የቱ ይከብዳል?

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ እናቶች ሳይጠይቁ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ይቀራል ብለው ያስባሉ። አይቀርም። መብራት ስታጠፊ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ ምንም አይቀርም፣ ልጁ ላይም ልብሱ ላይም ግድግዳው ላይም። ለዚህ ነው የምትጠባዋን ልጅሽን በሚመለከት ሙሉ በሙሉ ማረፍ የምትችይው፣ ወተትሽን ራጅ አይበክለውም፣ የዚያኑ ዕለት ብታጠቢያትም ምንም አልነበረም። አንቺ ራስሽም ሽርጥ ለብሰሽ ከጎን ስለነበርሽ ያገኘሽ ከልጁ ላይ ነጥሮ የመጣው ፍንጣሪ ነው፣ ከሱ በጣም ያነሰ። ወደፊት ግን አንድ ነገር፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ አስቀድመሽ ተናገሪና ሌላ ሰው ይያዘው፣ አባቱ ቢይዘው ደግሞ ምን አለ።

አሁን ወደ ሽርጡ እንምጣ፣ አስደንግጦሽ ያስወጣሽ እሱ ነው አይደል? ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ለዓመታት ስናለብስ ኖረን ድንገት አያስፈልግም ሲባል ግዴለሽነት ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ከብዶኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ማሽኖች ጨረሩን ሰፋ አድርገው ይረጩት ነበር፣ ፊልሙም ብዙ ጨረር ይፈልግ ነበር። አሁን ጨረሩ የሚወጣው ጠቦ፣ ወደምትፈለገው ቦታ ብቻ ተነጣጥሮ ነው። ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሄደው ጥቂት ጨረር ደግሞ አብዛኛው ከውስጥ ነው፣ ጉንጩ ውስጥ ገብቶ በሥጋው በአጥንቱ እየነጠረ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከላይ የተደረበ ሽርጥ እሱን አያስቆመውም። ይባስ ብሎ ሽርጡ ወይ የአንገት መከለያው ተንሸራቶ ምስሉ ውስጥ ከገባ ራጁ ይበላሻል፣ ይደገማል፣ ልናስቀር ከፈለግነው በላይ ጨመርንበት ማለት ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2024 ለጥርስ ራጅ ሽርጡም የአንገት መከለያውም ይቅር ያለው ለዚህ ነው። አሁንም የሚያለብሱ ክሊኒኮች አሉ፣ ካለበሱት ክፉ አይደለም፣ ልጁ ከተረጋጋበት እንደውም ጥሩ። ልጅሽን ያየው የጥርስ ሐኪም ግን አልዋሸሽም። ምናልባት ምክንያቱን ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳሽ ኖሮ ልጁን ይዘሽ ባልወጣሽ ነበር፣ እዚህ ላይ ቅር ብሎሽ ከሆነ አልፈርድብሽም።

ከሽርጥ ይልቅ ብትጠይቂ የሚጠቅምሽ ሌላ ነገር አለ። ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ አፉ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ምስሉን የሚቀበለው ነገር አራት ማዕዘን ስለሆነ በክብ ሲተኮስ ዳርዳሩ ላይ ያለው ጨረር ለምስሉ ሳይጠቅም ጉንጩ ላይ ያርፋል፣ አራት ማዕዘን አፍ ሲሆን መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ዲጂታል ነው ወይ፣ ማሽኑስ ለልጅ መጠን ይስተካከላል ወይ ብለሽም ጠይቂ። እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ እሱ ነው የሚያሳስበኝ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ባለቤትሽን ደግሞ እኔ አልቆጣውም፣ እሱም እንዳንቺው ፈርቶ ነው። ግን የወተት ጥርስ ይወድቃል ያለው መቼ እንደሆነ ተነጋገሩ። የፊቶቹ በስድስት በሰባት ዓመት ይወድቃሉ፣ የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት አፉ ውስጥ ይቆያሉ። ልጃችሁ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፣ አራት አምስት ዓመት ይበላባቸዋል። የወተት ጥርስ ደግሞ የላይኛው ሽፋኑ ስስ ነው፣ መቦርቦር ከጀመረ ቶሎ ነርቩ ጋ ይደርሳል። እና መንጋጋዎቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ብዙ ጊዜ የሚቦረቦሩት በመካከላቸው፣ ሐኪሙ በመስታወትም በመብራትም ሊያየው በማይችል ቦታ ነው። ከላይ ሲታይ ጤነኛ፣ ውስጡ የተበላ። ራጁ የሚፈለገው ለዚህ ነው፣ በተለይ ልጁ ራሱ አመመኝ ካለ። እስቲ አስታውሺ፣ ሲበላ በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል? ቀዝቃዛ ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል? ማታ ከእንቅልፉ አስነስቶት ያውቃል? እነዚህን ለሐኪሙ ንገሪው፣ ምናልባትም ከሁለቱ ምስል አንዷ ብቻ ትበቃ ይሆናል፣ እሱን የሚወስነው አይቶ ነው። ይሄን ራጅ እኔ ብሆን አስነሳዋለሁ።

ሳያመው፣ አፉም ሳይታይ፣ "ለመዝገብ ያህል" ብለው በየቀጠሮው ራጅ እንነሳ የሚሉ ካጋጠሙሽ ግን ያኔ መጠየቅ መብትሽ ነው። መጀመሪያ አፉ ይታያል፣ ከዚያ ካስፈለገ ይነሳል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ከሁሉም ራጆች እኔን ቆም ያደረገችኝ የትኛዋ እንደሆነች ልንገርሽ? ለክትትል ተብላ የተቀጠረችው የደረት ራጅ ናት። በመጠኗ አይደለም፣ እሷም 20 ናት፣ ሦስት ቀን ብትሆን ነው። ግን ልጁ ድኗል ብለሻል፣ ይሮጣል ይጫወታል። ምቹ ሳይወሳሰብበት በመድኃኒት የዳነና ምንም ምልክት የሌለበት ልጅ እንደ ደንብ ድጋሚ የደረት ራጅ አያስፈልገውም፣ የሕክምና መመሪያዎችም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ልጁ ድኖ እንኳን ምስሉ ላይ ጥላው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ አልዳነም እንዴ ተብሎ ሌላ ጭንቀት፣ ሌላ ምርመራ ይመጣል። ሆኖም ቀጠሮውን ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ምናልባት ሐኪሙ የመጀመሪያው ምስል ላይ አንቺ ያልተነገረሽ ነገር አይቶ ይሆናል፣ ለምሳሌ ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ወይ አንዱ የሳንባ ክፍል ተጨማዶ ከነበረ ወይ እዚያው ቦታ ላይ ምቹ ከተመላለሰ ድጋሚ ማየቱ ልክ ነው። ሂጂና እንዲህ በይው፣ "ዶክተር፣ ልጄ ድኗል፣ ሳልም ትኩሳትም የለውም። ይሄ ራጅ ምን እንዲያሳየን ነው የፈለጉት? ባይነሳስ የሚቀየር ነገር አለ?" በቃ፣ ይቺ ጥያቄ ከሽርጥ በላይ ትጠብቀዋለች። መልስ ካለው ይነሳ። ከሌለው በጆሮ ማዳመጫው አዳምጦት ሊሸኛችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ለይተሽ ያዢልኝ፣ ሲቲ ስካን። ሰዎች ሁሉንም ራጅ ይሉታል፣ ግን የአዋቂ የደረት ሲቲ ስካን 6000 ማይክሮ ሲቨርት ገደማ ነው፣ ሦስት መቶ የደረት ራጅ፣ የሁለት ዓመት ተኩል የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። የጥርስም ሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ስካን አለ፣ እሱም ከትንሿ የጥርስ ራጅ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አስፈላጊ ሲሆኑ ሕይወት ያድናሉ፣ ግን ለልጅ ከታዘዙ ያኔ ረጋ ብለሽ ለምን እንደሆነ፣ በአልትራሳውንድ ወይ በኤምአርአይ ይተካ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሁለቱ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም።

የተደገመችው ምስል ላስጨነቀሽ ደግሞ፣ ልጅ ነውና ይንቀሳቀሳል፣ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ግን ለጥርሱ ቤት ውስጥ ልታለማምጂው ትችያለሽ። ንጹሕ ፎጣ ጫፉን አጣጥፈሽ በኋላ ጥርሱ ይንከስ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ሐውልት ሆኖ ይቁም፣ ዓይኑን እንኳን ሳያርገበግብ። ቀኝ፣ ከዚያ ግራ። ሦስት አራት ቀን እንደ ጨዋታ ካደረጋችሁት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አዲስ አይሆንበትም። ክሊኒክ ስትደርሱም ባለሙያዋ አፉ ውስጥ የምታስገባውን ነገር መጀመሪያ እጁ ላይ ታስይዘው፣ ጠርዙ ድድ ስለሚወጋ ልጆች ሳይጠበቅ ሲገባባቸው ነው የሚተፉት።

ስልክሽ ላይ አንዲት ማስታወሻ ክፈቺ፣ ቀኑን፣ ምን እንደተነሳና የት እንደተነሳ ጻፊባት፣ የደረቱን ሁለት ምስሎችም ከሐኪም ቤቱ በሲዲ ወይ በስልክ ስጡኝ ብለሽ ተቀበያቸው። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄጂ "እንደገና ይነሳ" ከማለቱ በፊት እነሱን ያያል። ጥርሱን ግን አታቆዪው፣ በዚህ ሳምንት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢና አባቱም አብሯችሁ ይሂድ፣ ጥያቄዎቹን እሱ ይጠይቃቸው። የደረቱ ሐኪም ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።